«በ21 ቀን ፀጉር ያሳድጋል» ውሸት አይደለም፤ ችግሩም እሱ ነው

ማስታወቂያ ጽፌ የምተዳደር ሰው ነኝ። ደንበኞቼ ትልልቅ ድርጅቶች አይደሉም፤ ቤታቸው ሆነው ሳሙና፣ ቅባትና የፊት ማስክ እየሠሩ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ከሩቅ ሆኜ አይደለም የማወራው። ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ስለምጽፍ የምትሸጡም የምትገዙም ታገሱኝ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። በውበትና በጤና ማስታወቂያ ውስጥ ትልቁ ችግር ዓይን ያወጣ ውሸት አይመስለኝም። «ስኳርንም ደም ግፊትንም ካንሰርንም ያድናል» የሚለውን ብዙ ሰው ሲያየው ይጠረጥራል። ሰውን የሚይዘው ሌላ ነው፤ ቃል በቃል ቢመረመር እውነት የሚወጣው፣ ሻጩም ራሱ የሚያምንበት ዓረፍተ ነገር። ይህን በአንድ ማስታወቂያ ላሳያችሁ።

ባለፈው ዓመት የፀጉር ቅባት የምትሠራ አንዲት ልጅ (ከዚህ በኋላ ባለቅባቷ እላታለሁ) ይህን ጽሑፍ «አሳምርልኝ» ብላ ላከችልኝ፦

«ለሚነቃቀል ፀጉር ፍቱን መፍትሔ! በ21 ቀን ፀጉርዎን ያሳድጋል። ከሚኖክሲዲል እኩል መሆኑ በጥናት የተረጋገጠ የጥብስ ቅጠል አለው። በላብራቶሪ የተመረመረ። 100% ተፈጥሯዊ፣ ምንም ጉዳት የሌለው።»

ሚኖክሲዲል ለማታውቁት፣ ለራሰ በራነት ጭንቅላት ላይ የሚቀባ፣ ፋርማሲ የሚሸጥ መድኃኒት ነው።

ልጅቷ አጭበርባሪ አይደለችም። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በእጇ የያዘችው ነገር ነበራት። እኔም ደንበኞቼን ሁሉ የምጠይቀውን ጠየቅኋት፤ «ይህን ስትይ በእጅሽ ምን ይዘሽ ነው? የያዝሽውስ ነገር የዓረፍተ ነገሩን ያህል ነው ወይስ ከሱ ያንሳል?» ቁጭ ብለን አንድ በአንድ አየነው።

ከ21 ቀኑ እንጀምር። የሰው የራስ ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ እንደኛ ጥቅጥቅ ብሎ ለሚጠቀለል ፀጉር ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ በ21 ቀን ስድስት ሰባት ሚሊ ሜትር ማደጉ አይቀርም። ቅባቱን የተቀባችም ታድጋለች፣ ውኃ ብቻ የተቀባችም ታድጋለች፣ ምንም ያልነካችም ታድጋለች። እንግዲህ «በ21 ቀን ፀጉርዎን ያሳድጋል» ያለ ሰው ውሸታም ሊባል ነው? ፀጉሩማ አድጓል። ግን አንባቢዋ የምትረዳው «ያለዚህ ቅባት የማያድገው ያድጋል» ወይም «ከሌላው ጊዜ በፍጥነት ያድጋል» የሚለውን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ባለቅባቷ በእጇ ምንም አልነበራትም። ማስታወቂያ የሚመዘነው በሚነበበው ቃል ብቻ አይደለም፣ አንባቢው ጭንቅላት ውስጥ በሚቀረው ነገር ነው። «ሊያሳድግ ይችላል» ብሎ «ሊ» መጨመርም አያድንም። ወገብ የደረሰ ፀጉር ያላት ሴት ፎቶ ሥር «ሊረዳ ይችላል» ብትጽፉ የሚያስታውስላችሁ የለም፤ የሚታወሰው ወገቡ ነው።

«በላብራቶሪ የተመረመረ» ለሚለው ወረቀት አወጣች። እውነተኛ ወረቀት ነው፣ ማኅተም አለው። ሳነበው የባክቴሪያና የሻጋታ ምርመራ ነው። ቅባቱ ንጹሕ ነው ይላል፤ ለሻጭም ለገዢም ደስ የሚል ነገር ነው፣ ብዙዎቹ የቤት ውስጥ ቅባቶች ይህንንም የላቸውም። ግን ስለ ፀጉር ማደግ አንድ ቃል የለውም። «በላብራቶሪ የተመረመረ» የሚለው ቃል «ያሳድጋል» ከሚለው ጎን ሲቀመጥ አንባቢው የላብራቶሪ ሰዎች ፀጉር ሲያድግ ያዩ ይመስለዋል። ሁለት እውነተኛ ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ውሸት ወለዱ ማለት ይህ ነው። «ለባክቴሪያና ለሻጋታ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ» ብትል ግን ሙሉ እውነት ነው። እኔ በበኩሌ እንደ ገዢ ይህኛው ይበልጥ ይስበኛል።

አሁን ወደ ጥናቱ። ይህኛው ላይ ጊዜ ልውሰድ፣ ምክንያቱም የጥብስ ቅጠል ያለበት የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ሁሉ፣ እዚህም ውጭም፣ የሚጠቅሰው አንድ ጥናት ነው። ጥናቱ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። የወንድ ዓይነት ራሰ በራነት ያላቸው 100 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ የጥብስ ቅጠል ዘይት፣ ግማሾቹ 2% ሚኖክሲዲል ለስድስት ወር ተቀቡ። በሦስተኛው ወር በሁለቱም ወገን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በስድስተኛው ወር በሁለቱም ትንሽ ጭማሪ ታየ፣ በመካከላቸውም ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። «እኩል ነው» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው።

እስቲ ይህን ከባለቅባቷ ማስታወቂያ ጋር አስተያዩት። ጥናቱ ስድስት ወር ይላል፣ እሷ 21 ቀን ትላለች፤ እንዲያውም ጥናቱ በሦስት ወር እንኳ ለውጥ እንዳልነበረ ስለሚናገር ማስታወቂያዋን ያፈርሰዋል። የተጠኑት አንድ ዓይነት ራሰ በራነት ያላቸው ወንዶች ናቸው፣ የእሷ ገዢዎች ፀጉራቸው የሚነቃቀል ሴቶች ናቸው። የተወዳደረው ሚኖክሲዲል 2% ነው፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 5% ነው። ምንም መድኃኒት የሌለው ነገር የተቀባ ሦስተኛ ቡድን ስላልነበረ፣ ሁለቱም እኩል ሠሩ ወይስ ሁለቱም እኩል ብዙም አልሠሩ የሚለውን በርግጠኝነት ለመለየት አይቻልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እዚያ የተቀቡት መጠኑ ተለክቶ የተዘጋጀ ነገር ነው። ባለቅባቷ የምትሠራው ቅጠሉን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፋ በማጥለል ነው፤ ውስጡ ምን ያህል እንደወጣ እሷም አታውቅም፣ ማንም አልለካውም። የአንድ ግብዓት ጥናት የምርቱ ጥናት አይሆንም። በርበሬ ያለበት ወጥ ሁሉ እኩል አያቃጥልም አይደል?

ይህን ስነግራት «ታዲያ ጥናት የሚባል ነገር ለምን ይጠቅማል?» አለችኝ። ይጠቅማል። የቅባቷ መሠረት የኮኮናት ዘይት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ፣ ከፀጉር የሚወጣውን ፕሮቲን የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። አጥኚዎቹ የኮኮናት ዘይት የሚሸጥ የሕንድ ኩባንያ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ይህ ጥናቱን ውድቅ አያደርገውም፣ ግን ማወቅ ጥሩ ነው። ይህ ጥናት ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል። ፀጉር የሚበቅለው ከሥሩ ነው፤ ከቆዳ በላይ የምናየው ሕይወት የለውም። ዘይት ያንን ሕይወት የሌለውን ክር ሊያለሰልስ፣ ሲበጠር እንዳይሰበር ሊያግዝ ይችላል። ብዙ ሴት «ፀጉሬ አላድግ አለ» የምትለው ከሥሩ ስላላደገ አይደለም፤ ከላይ ያደገውን ያህል ከጫፉ እየተሰበረ ነው። ስለዚህ «ያሳድጋል» የሚለውን ትቶ «ስብራት ይቀንሳል» ወደሚለው መሄድ አንድ ነገር ነው፤ እሱም ግን ማስረጃ ይጠይቃል። የኮኮናት ጥናት የኮኮናት ነው፣ የእሷ ውህድ አይደለም ብያለሁ።

ከዚያ ወደ ምስክሮቹ መጣን። 14 የደንበኛ መልእክት ነበራት፤ ሁሉም ልብ የሚነካ ነው። «እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ፀጉሬ ተመለሰልኝ» የሚል ዓይነት። «ይኸው ሰው ራሱ መሰከረ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ሰዎቹ አልዋሹም። ግን መልሳ እንድትደውልና ሁለት ነገር እንድትጠይቅ አደረግናት፤ ቅባቱን ስትጀምሪ ፀጉርሽ ለምን ነበር የሚነቃቀለው፣ በዚያው ሰሞን ሌላስ ምን ለወጥሽ? አምስቱ በቅርቡ የወለዱ ናቸው። አራቱ ቅባቱን ሲጀምሩ ሹሩባቸውን ፈትተው ፀጉራቸውን ማሳረፍ ጀምረዋል። አንዷ የደም ማነስ መድኃኒት እየወሰደች ነበር።

የወለዱት ነገር እንዲህ ነው። በእርግዝና ጊዜ ፀጉር ብዙ አይረግፍም፤ መርገፍ የነበረበት ሳይረግፍ ይቆያል። ከወሊድ በኋላ ያ ሁሉ ባንድ ላይ የዕረፍት ጊዜ ውስጥ ይገባና ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይረግፋል። እናትየው ማበጠሪያዋ ላይ እፍኝ ሙሉ ስታይ ትደነግጣለች። ለአብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ በራሱ ይመለሳል። እንግዲህ ቅባት የምትገዛው መቼ ነው? በአራተኛው ወር፣ ነገሩ በጣም በከፋበት ሰዓት። በስምንተኛው ወር ፀጉሯ ሲመለስ የምታመሰግነው ማንን ነው? ቅባቱን። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በራሱ የሚሻለው ሁሉ የሻጩ ይመስላል። ያልተመለሰላትስ? እሷ መልእክት አትልክም፤ ዝም ብላ ሌላ ቅባት ትገዛለች። በ14 መልእክት ውስጥ አንድም «አልሠራልኝም» የሚል ያልነበረው ለዚህ ይመስለኛል።

«ምን ችግር አለው ታዲያ፣ ተስፋ ነው የሸጥኩት፣ ማንንም አልጎዳሁም» የሚለውን መልስ ከብዙ ሻጭ ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ አልስማማም። የፀጉር መርገፍ አንድ በሽታ አይደለም። ግንባር አካባቢ በጠበቀ ሹሩባ ተስቦ የሳሳ ፀጉር፣ ቶሎ ከተፈታ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተጎተተ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። ያቺ ሴት ሹሩባዋን ሳትፈታ «ፍቱን» የተባለውን ቅባት እየቀባች አንድ ዓመት ብትጠብቅ የጠፋው የቅባቱ ብር ብቻ አይደለም። ልጇ ጭንቅላት ላይ ቆረቆር የወጣበት እናት «ለሚነቃቀል ፀጉር» የሚለውን አንብባ ልትገዛ ትችላለች። ቆረቆር ፈንገስ ነው፣ ወደ ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ይፈልጋል፤ ከላይ የሚቀባ ነገር ብቻውን አይጨርሰውም፣ እስከዚያ ደግሞ ወደ እህት ወንድሞቹ ይተላለፋል። «ለሚነቃቀል ፀጉር» የሚሉት ሁለት ቃላት እነዚህን ሁሉ ሰዎች ይጠራሉ።

«100% ተፈጥሯዊ፣ ምንም ጉዳት የሌለው» የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው። ሽታ ያላቸው የቅጠል ዘይቶች የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካሉ፣ ያቆጣሉ። «ምንም ጉዳት የሌለው» ብሎ መጻፍ የሚችል ሰው የለም፤ መጻፍ የሚቻለው «መጀመሪያ ክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ትንሽ ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ካሳከከዎ አይጠቀሙ» የሚለው ነው። (እግረ መንገዴን፦ በጥቂት ቀን ፊት የሚያነጣ ክሬም ስታዩ «እውነት ይሠራል ወይ?» ብቻ አትበሉ። እንደነዚህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ ያልተጻፈ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ በተለያየ አገር ተደጋግሞ ተገኝቷል። እዚያ ላይ የሚያስፈራው የተገባው ቃል ሲፈጸም ነው።)

ሕጉስ? አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። መዋቢያዎችን ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይቆጣጠራል። መዋቢያ ማለት የሚያጸዳ፣ የሚያሳምር ነገር ነው፤ «ያክማል፣ ይፈውሳል» ያላችሁ ዕለት ግን በራሳችሁ አፍ ምርታችሁን መድኃኒት አላችሁት ማለት ነው፣ መድኃኒት ደግሞ ሌላ ምዝገባና ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን የምትሸጡም ስሙኝ፤ እዚያ ፀጉር ያሳድጋል የሚል የሚቀባ ነገር በምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤቱ ዘንድ የሚታየው እንደ መድኃኒት ነው። የንግድ ኮሚሽናቸውም የደንበኛ ምስክርነትን በሳይንሳዊ ማስረጃ ምትክ አይቀበልም፤ «የሁሉም ሰው ውጤት ላይሆን ይችላል» ብሎ ከሥር በትንሹ መጻፍም ነጻ አያወጣም።

ባለቅባቷ ተናደደችብኝ። «ሁሉንም ሰረዝክብኝ፣ ምን ልሽጥ ታዲያ?» አለች። ጥያቄው ልክ ነው። ስለዚህ በአቅሟ የሚቻል ነገር አደረግን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተከታታይ የገዙትን 30 ሰዎች፣ ሳንመርጥ፣ ደስተኛ ትመስላለች አትመስልም ሳንል፣ ስማቸውን መዘገብን። በአራተኛው ሳምንት ለሁሉም ያንኑ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደውላ ጠየቀች፤ ለማበጠር ቀለለሽ፣ ከበደሽ፣ ወይስ ለውጥ የለውም? ልስላሴውስ? ያሳከከሽ ነገር ነበር? «አሪፍ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነበር። 26ቱ መለሱ። 19ኙ ለማበጠር ቀለለኝ አሉ፣ አምስቱ ለውጥ የለም፣ ሁለቱ ቅባቱ ከብዶኛል አሉ። ሦስት ሰዎች አሳክኮኛል ብለዋል። ይህ ሳይንስ አይባልም፤ ሰው የገዛውን ነገር ማመስገን ይወዳል፣ የሚወዳደር ሌላ ቅባትም አልነበረም። ግን «ተጠቃሚዎች ምን ተሰማቸው» ለሚል ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ዓረፍተ ነገር አይበቃም። የስብራቱን ነገር ስላልለካነው አልጻፍነውም።

ፎቶውንም ቀየርን። የድሮው «በፊት» ፎቶ ታጥቦ የተኮማተረ ፀጉር ነው፣ «በኋላ» ያለው በካስክ ተስቦ የተተኮሰ። ያው ፀጉር በአንድ ቀን ውስጥ እጥፍ ርዝመት ሊመስል ይችላል። አሁን ያለው የጠርሙሱና የቅባቱ ፎቶ ብቻ ነው።

ጽሑፉ እንዲህ ሆነ፦

«ለደረቅና ለማበጠር ለሚያስቸግር ፀጉር። የኮኮናት ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ የጥብስ ቅጠል። ከጠየቅናቸው 26 ተጠቃሚዎች 19ኙ በአራት ሳምንት ውስጥ ፀጉራቸው ለማበጠር እንደቀለላቸው ነግረውናል፤ 3ቱ አሳክኳቸዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ክንድዎ ላይ ይሞክሩት። ለባክቴሪያና ለሻጋታ ተመርምሯል። ፀጉርዎ በብዛት የሚረግፍ ወይም ቦታ ለይቶ የሚመለጥ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ያማክሩ፤ ይህ ቅባት ለዚያ አይደለም።»

ሽያጩ ጨመረ ብዬ አልዋሻችሁም። በመጀመሪያው ወር ቀነሰ፣ እሷም ነገረችኝ፣ ደስም አላላትም። «ጎረቤቴ 'በ15 ቀን' እያለች እየሸጠች እኔ 'ሐኪም አማክሩ' እላለሁ» አለች። መልስ የለኝም፤ ቁጥጥሩ ጎረቤቷ ጋ እስኪደርስ ጨዋታው እኩል አይደለም። የቀረላት ነገር ቢኖር «ብሬን መልሺ» የሚለው ስልክ ነው፤ ለማበጠር ይቀላል ተብላ የገዛች ሰው በ21ኛው ቀን ሜትር ይዛ አትደውልም።

አንድ የቀረ ነገር ነበር፣ እሱም ኢንቦክሱ። ፖስቱ ጨዋ ሆኖ ኢንቦክስ ውስጥ «አዎ የኔ ቆንጆ፣ በደንብ ያበቅላል» ከተባለ ማስታወቂያው እዚያ ነው ያለው። ሻጮች ይህን እንደ ወሬ ነው የሚያዩት፣ ገዢዋ ግን ብሩን የምትልከው ያንን አንብባ ነው። ስለዚህ ለሦስቱ ተደጋጋሚ ጥያቄዎች መልስ ጽፈን ስልኳ ላይ አስቀመጥን። «ፀጉር ያበቅላል ወይ?» ለሚለው የምትልከው ይህ ነው፦ «እህቴ፣ ያበቅላል ብዬ ልነግርሽ አልችልም፣ አልተረጋገጠም። ለማለስለስና ለማበጠር ነው። መቼ ነው መርገፍ የጀመረው? በቅርቡ ወልደሻል? ሹሩባሽን ታጠብቂያለሽ?»